«ሪኮመንዴሽን ይጻፉልኝ» ብቻ ተብሎ ሲመጣ፦ ዝርዝር የሌለው ጥያቄ እንዴት ደብዳቤ ይሆናል?

ቴሌግራም ላይ እንዲህ ያለ መልእክት ይመጣል፦ «ሰላም ጋሼ፣ እንደምን አሉ? አንድ ሪኮመንዴሽን ይጻፉልኝ። ለነገ ጠዋት ነው የምፈልገው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» በቃ። ስም እንኳ የለውም፤ ማን እንደሆነች የምታውቁት ፎቶዋን ከፍታችሁ ነው። መቼ እንደተቀጠረች፣ መቼ እንደለቀቀች፣ ወረቀቱ የት እንደሚገባ የተጻፈ ነገር የለም።

ሐዋሳ ውስጥ ሆቴል ያስተዳደረ ወይም የአንድ ክፍል ኃላፊ የነበረ ሰው እንዲህ ያለ መልእክት ደርሶታል። ሠራተኛ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንዷ አዲስ አበባ ትገባለች፣ አንዱ ዱባይ ይሄዳል፣ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ ይማራል። ሁሉም ታዲያ አንድ ቀን ወረቀት ይፈልጋሉ። ብዙዎቻችን የምናደርገው ይታወቃል፦ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን የድሮ ደብዳቤ ከፍተን ስሙን እንቀይራለን። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ መልካም ሥነ ምግባር ያላት» ብለን እንፈርማለን። እንዲህ ያለ ወረቀት ልጅቷን አይጠቅማትም። አንዳንዴም ይጎዳታል።

እዚህ የምሠራው ምሳሌ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ የነበረች አንዲት ልጅ ናት። ስሟን «እገሊት» እንበላት። አካሄዱ ግን ለስቶር ኪፐርም፣ ለሒሳብ ሠራተኛም፣ ለልብስ ስፌት ፋብሪካ ሱፐርቫይዘርም ያው ነው።

መጀመሪያ፦ የትኛው ወረቀት ነው የተፈለገው?

«ሪኮመንዴሽን» ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል። ጠያቂዋ ራሷ ላትለያቸው ትችላለች።

አንደኛው የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። ይህን የሚሰጠው ድርጅቱ ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ፣ ወይም በማንኛውም ጊዜ ሲጠይቅ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ስለዚህ የተፈለገው ይህ ከሆነ መልሳችሁ አጭር ነው፦ «የሰው ኃይል ክፍል ሂጂ፣ መብትሽ ነው፣ ክፍያ የለውም።» አንድ ነገር ግን ንገሯት። ብዙ የሥራ ማስታወቂያዎች ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቃሉ። ማስረጃው ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር ከሌለ ተመልሳ ትመጣለች። ሁለት ጊዜ ከምትመላለስ አንዴ ጠይቃ ታስገባው።

ሁለተኛው የእናንተ የራሳችሁ ምስክርነት ነው። በቅርብ ያሠራት ሰው ስለ ሥራዋ ያየውን የሚጽፍበት ደብዳቤ ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚያወራው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ጭራሽ ደብዳቤ አይደለም። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችና የስኮላርሺፕ ሰጪዎች አብዛኛውን ጊዜ ለእናንተ ኢሜይል ሊንክ ይልካሉ። ቅጹን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ፤ አመልካቿ የጻፋችሁትን ላታየው ትችላለች። የተፈረመና ማህተም ያረፈበት ወረቀት ብትሰጧት ዋጋ የለውም። ኢሜይሉ ደግሞ አይፈለጌ መልእክት ውስጥ ገብቶ ቀኑ ሊያልፍ ይችላል።

ሦስቱን ሳትለዩ አንድ መስመር አትጻፉ።

ቀጥሎ፦ አንድ መልእክት መልሱ፣ ሁሉንም በአንዴ ጠይቁ

ጥያቄውን አንድ በአንድ ማንጠባጠብ ጥሩ አይደለም። «ለምንድን ነው?» ትላላችሁ፣ ማታ ትመልሳለች። «መቼ ነበር የለቀቅሽው?» ትላላችሁ፣ በማግስቱ። ሁለት ቀን እንዲህ ያልቃል። ይህን ገልብጣችሁ ላኩ፦

«ሰላም እህቴ፣ ደህና ነኝ። በደስታ እጽፍልሻለሁ። መጀመሪያ ግን እነዚህን መልሺልኝ። ወረቀቱ የሚገባው የት ነው፤ ለሥራ፣ ለትምህርት ወይስ ለሌላ ጉዳይ? ማስታወቂያው ካለሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ? እኔ ነኝ የምልከው ወይስ አንቺ ይዘሽ ትሄጃለሽ? መጨረሻው ቀን መቼ ነው? የቅጥር ደብዳቤሽን፣ እድገት ካገኘሽ የእድገቱን፣ የለቀቅሽበትንም ደብዳቤ ፎቶ ላኪልኝ። ለእነሱ የሰጠሽውን ሲቪም ላኪ። በመጨረሻ፣ አብረን ስንሠራ እኔ ራሴ ያየሁትን ሁለት ነገር አስታውሺኝ።»

ሲቪውን መጠየቅ ለአንዳንዱ ሰው ትርፍ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። እሷ ሲቪው ላይ «የፍሮንት ኦፊስ ሱፐርቫይዘር» ብላ ጽፋ፣ እናንተ «የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ቀጣሪው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ነው የሚያያቸው። ልዩነቱን ማወቅ ያለባችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ነው።

«ለነገ ነው» የሚለውን ደግሞ ብዙ አትፍሩት። ማስታወቂያውን ስታዩ አብዛኛውን ጊዜ ገና ቀናት ይቀራሉ። በእርግጥ ነገ ከሆነም ሰነዶቹን ዛሬ ማታ ትላክ፤ ስልኳ ውስጥ ናቸው።

ቀኖቹን ከወረቀት አውጡ፣ ከጭንቅላት አይሆንም

አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

እገሊት መልሳ ጻፈች እንበል፦ «ከ2012 እስከ 2015 ነው የሠራሁት፣ አራት ዓመት። ማስታወቂያው አራት ዓመት ይላል።» ማስታወቂያው የአዲስ አበባ ሆቴል ነው፤ የእንግዳ መቀበያ ሺፍት ኃላፊ ይፈልጋል።

«ከ2012 እስከ 2015» ማለት ስንት ጊዜ ነው? ከጳጉሜን 2012 እስከ መስከረም 2015 ከሆነ ሁለት ዓመት ትንሽ ፈቅ ቢል ነው። ከመስከረም 2012 እስከ ነሐሴ 2015 ከሆነ አራት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ዓመት ብቻ አትጻፉ፤ ቀንና ወር ይኑረው።

የላከችው የቅጥር ደብዳቤ ጥቅምት 15 ቀን 2012 ይላል። መልቀቂያዋ ሰኔ 30 ቀን 2015 ነው። ሲቆጠር 3 ዓመት ከ8 ወር ከግማሽ ነው። አራት አልሞላም። አራት ያለችው ከቅጥሩ በፊት ለኮሌጅ የትብብር ሥልጠና እዚያው ሆቴል የተለማመደችበትን ጊዜ ደምራ ነው። አልዋሸችም፣ ጊዜውም እውነት ነው፤ ግን ቅጥር አይደለም። ፋይሉ ላይ የሥልጠናው ደብዳቤ ካለ ለብቻው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ ይቆጠርላት አይቆጠርላት የሚወስነው ቀጣሪው ነው። «ወደ አራት ዓመት ገደማ» የሚለውን ግን ተዉት። ልምድ ማስረጃዋ ላይ ትክክለኛው ቀን ስላለ ሁለቱ ወረቀቶች ይጣላሉ፤ የሚጠረጠረው የእናንተ ነው፣ ከእናንተ ጋርም እሷ።

ፔይሮሉን ማየት ከቻላችሁ እዩት። የኮሮና ጊዜ ትዝ ይላችኋል። መጋቢት 2012 አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ በኋላ ስብሰባው ሁሉ ተሰርዞ የሐይቁ ዳር ሆቴሎች ባዶ ቀሩ። ያኔ ያለ ደመወዝ እረፍት የወጣ ሠራተኛ ብዙ ነው። ውሉ ካልተቋረጠ የቅጥር ዘመኑ ያው ነው፤ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀኑን መጻፍ ትክክል ነው። አንድ ቃል ብቻ ተጠንቀቁ፦ «ያለማቋረጥ»። ከድሮው ደብዳቤ ኮፒ ሲደረግ ብዙውን ጊዜ ይህች ቃል አብራ ትመጣለች። አውጧት።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ከሆነ የዘመን አቆጣጠሩ ይመጣል። ጥቅምት 15 ቀን 2012 በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 26 ቀን 2019 ነው። ሰኔ 30 ቀን 2015 ደግሞ ጁላይ 7 ቀን 2023። ዓመቱን እንዳለ «2012» ብሎ እንግሊዝኛው ላይ ማስቀመጥ በጣም የተለመደ ነው። አንባቢው ልጅቷ ያኔ የስንት ዓመት ልጅ እንደነበረች ሲያሰላ ግራ ይገባዋል። ስትቀይሩም ሰባት ወይም ስምንት መደመር ብቻ አይበቃም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሰባት ነው፤ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ ስምንት ይሆናል። አዲሱ ዓመታቸው ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ስለሚገባ የዚያን ወር ቀን በካላንደር አረጋግጡ። ወሩንና ቀኑን የስልክ ካላንደር ይሠራላችኋል።

የእድገት ደብዳቤዋም የካቲት 1 ቀን 2014 ይላል። ከዚያ ጀምሮ የሺፍት ኃላፊ ነበረች። 1 ዓመት ከ5 ወር መሆኑ ነው። የተፈለገው የሺፍት ኃላፊ ስለሆነ ይህች ቀን ከሁሉም በላይ ትጠቅማታለች። እሷ ግን መልእክቷ ላይ አላነሳቻትም። ወረቀቱን ባትጠይቁ ኖሮ ትቀር ነበር።

ያያችሁትን ነገር ፈልጉ

ቀኑ ከተያዘ በኋላ ደብዳቤውን ደብዳቤ የሚያደርገው ይህ ነው። «ታታሪ ናት» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል። ቀጣሪው በአንድ ቀን እንዲህ ያለ ወረቀት ቁልል ሲያገላብጥ ይውላል፤ ቃሉ ዓይኑ ላይ አይቆምም።

እገሊት ሁለት ነገር አስታውሺኝ ስትባል ይህን ጻፈች፦ «አንደኛ ሁሌ በሰዓቴ ነበር የምገባው። ሁለተኛ የፍቼ ጊዜ ያ ክፍል የተምታታ ዕለት።» የመጀመሪያው የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገብ ላይ የሚታይ ከሆነ ጥሩ፤ ካልሆነ ይለፍ። ሁለተኛው ግን ወርቅ ነው። የክፍሏ ኃላፊ የነበረ ሰው ወዲያው ትዝ ይለዋል።

ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ ሐዋሳ ውስጥ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው። ያን ሌሊት አንድ ክፍል ለሁለት እንግዳ ተይዞ ተገኘ። አንደኛው በስልክ ያስያዘ፣ ሌላው በኦንላይን የከፈለ። ሁለተኛው ሰውዬ ከነቤተሰቡ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ልጆቹ ሶፋው ላይ ተኝተዋል፣ እሱ ይጮሃል። እገሊት መጀመሪያ ሻይ አስቀረበች። ከዚያ ጎረቤት ሆቴሎች ሁሉ ደወለች። አንዱ ጋ ክፍል ስታገኝ ዋጋውን አረጋግጣ፣ የሆቴሉን መኪና አስነስታ ሸኘቻቸው። ጠዋት ኃላፊው ሲገባ የርክክብ መዝገቡ ላይ ሁሉም ነገር ተጽፎ ጠበቀው፦ የተደወለላቸው ሆቴሎች፣ የተከፈለው ልዩነት፣ የእንግዳው ስልክ።

ይህን ሁሉ ደብዳቤው ላይ አትዘረግፉትም። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ነገር ግን ከመጻፋችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን እኔ አይቼዋለሁ ወይስ እሷ ነግራኛለች? ጩኸቱን አልሰማችሁም፤ መዝገቡን ግን አይታችኋል። ስለዚህ የምትጽፉት መዝገቡ ላይ ያያችሁትን ነው። ምንም የማታስታውሱ ከሆነ ደግሞ አብሯት ሺፍት የነበረውን ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። እሱም ካላስታወሰ ያን ነገር ዝለሉትና ሌላ ፈልጉ።

እግረ መንገዴን፣ «አንቺው ጻፊውና እኔ እፈርማለሁ» የሚባለው ነገር አይመቸኝም። ጊዜ ይቆጥባል፣ እውነት ነው። ግን ሰው ስለራሱ ሲጽፍ ወይ ያፍራል ወይ ያበዛዋል። ሦስት አለቆች የፈረሙበት ሦስት ደብዳቤ ደግሞ በአንድ ሰው እጅ ከተጻፈ ያስታውቃል። እውነታውን ትጻፍላችሁ፤ ፍርዱ የእናንተ ይሁን።

አሁን ጻፉት

ከአንድ ገጽ አይለፍ። የምሳሌያችን ደብዳቤ ይህን ይመስላል፦

«ቀን፦ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሆቴሉ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሥራ ምስክርነት ስለመስጠት

ወ/ሪት እገሊት ከጥቅምት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. በሆቴላችን የእንግዳ መቀበያ ክፍል ሠርተዋል። ከየካቲት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሺፍት ኃላፊ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ሁሉ የቅርብ ኃላፊያቸው እኔ ነበርኩ።

የሺፍት ኃላፊ ሆነው የሌሊቱን ፈረቃ መርተዋል፣ የዕለቱን የገንዘብ ርክክብ ፈጽመዋል፣ አዲስ ሠራተኞችን አሠልጥነዋል። በፍቼ ጨምበላላ በዓል ሰሞን አንድ ክፍል ለሁለት እንግዶች ተይዞ በተገኘበት ሌሊት እንግዶቹን በራሳቸው ውሳኔ ወደ ሌላ ሆቴል አዛውረዋል። ጠዋት የርክክብ መዝገቡን ስመለከት የተደረገው ሁሉ ከነወጪው በዝርዝር ተመዝግቦ አግኝቼዋለሁ። እንግዳው በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው እኛው ጋ አርፈዋል።

ለሺፍት ኃላፊነት ቦታ ብቁ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ተጨማሪ ማብራሪያ ቢያስፈልግ ከዚህ በታች በተመለከተው ስልክ ልታገኙኝ ትችላላችሁ።

ከሰላምታ ጋር»

ከዚያ ስም፣ የሥራ ኃላፊነት፣ ፊርማና ስልክ። ገንዘብ ጎድሎባት የማያውቅ ከሆነ ያንን መጨመር ትችላላችሁ፤ የምትጨምሩት ግን ሒሳብ ክፍልን ጠይቃችሁ ነው። የእንግዳው ተመልሶ መምጣትም እንዲሁ መዝገብ ላይ ካለ ብቻ ይገባል።

እንግሊዝኛ ካልለመዳችሁ በአማርኛ ጽፋችሁ ሕጋዊ ትርጉም ቤት ይተርጉመው። በሰው እንግሊዝኛ ከመፈረም ይሻላል፤ ሲደወልላችሁ ምን እንደፈረማችሁ ታውቃላችሁ።

«የት እንደሚገባ ገና አላወቅኩም» ካለች

ይህም ያጋጥማል። ሥራ ገና አላገኘችም፣ ወረቀቱ በእጇ እንዲኖር ብቻ ነው የፈለገችው። መከልከል አያስፈልግም። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብላችሁ ጻፉ፤ ግን «ለሺፍት ኃላፊነት ቦታ ብቁ ናቸው» የሚለውን አውጡት። ለየትኛው ቦታ እንደሆነ ሳታውቁ ብቁ ናት ማለት አይቻልም። ቀኑን፣ ሥራዋን፣ ያያችሁትን ትጽፋላችሁ፤ «ይህ ደብዳቤ የተሰጠው በራሳቸው ጥያቄ ነው» ብላችሁ ትዘጋላችሁ።

አንድ መስመር ደግሞ ጨምሩ፦ «ይህ ደብዳቤ ለዋስትና አያገለግልም።» ደመወዝም አትጥቀሱበት። ዓላማው ያልታወቀ፣ ደመወዝ ያለበትና ማህተም ያረፈበት ወረቀት አንድ ቀን የሰው ብድር ዋስትና ላይ ተያይዞ ሊገኝ ይችላል። ልጅቷን ስለጠረጠራችሁ አይደለም፤ ወረቀቱ ከእጇ ሊወጣ ስለሚችል ነው።

ለቪዛ ነው ካለች ደግሞ ኤምባሲዎች የሚፈልጉት በአብዛኛው አሁን ያለችበት መሥሪያ ቤት ደመወዟንና የእረፍት ፈቃዷን የሚገልጽበትን ደብዳቤ ነው። ከለቀቀች ቆይታለችና እናንተ ልትጽፉት አትችሉም። ወደ አሁኑ አሠሪዋ ላኳት።

ማህተሙ

ራሳችሁ አሁንም እዚያው ሆቴል ከሆናችሁ ደብዳቤው በሆቴሉ ወረቀት ላይ፣ በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት፣ በሰው ኃይል በኩል ይውጣ። ቅጂው ፋይሏ ውስጥ ይግባ። የክፍል ኃላፊ ስለሆናችሁ ብቻ ማህተም አንሥታችሁ አትምቱ። እናንተም ከለቀቃችሁ ግን የድሮውን ራስጌ ወረቀት እንዳትነኩት። ነጭ ወረቀት ላይ «በወቅቱ የክፍሉ ኃላፊ የነበርኩ» ብላችሁ በስማችሁ ጻፉ። ማህተም የሌለው የግል ምስክርነት የማይቀበል ቀጣሪ አለ። ያኔ ልጅቷ የሆቴሉን የሥራ ልምድ ማስረጃ አያይዛ ትሰጣለች፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ማህደሯን ስታገላብጡ ክሊራንሷ ያላለቀ፣ ወይም በዲሲፕሊን የተሰናበተች ሆና ብታገኙትስ? ደብዳቤውን ከመጀመራችሁ በፊት ንገሯት፦ «ቀኑንና የሥራውን ዓይነት ሰው ኃይል ይጽፍልሻል፤ እኔ ግን ምስክርነት ልጽፍልሽ አልችልም።» ሰው ፊት ላለማስቀየም ብሎ ደብዛዛ ደብዳቤ ጽፎ መስጠት የሚያስቀይመው በኋላ ነው። በጭራሽ ያላሠራችሁትን ሰውም፣ ዘመድ ቢሆን እንኳ፣ በዚሁ መንገድ መልሱት።

ከላካችሁ በኋላ

የተፈረመውን ስካን አድርጉና በፒዲኤፍ ለራሳችሁም አስቀሩ። ስልክ ይደወላል። አዲስ አበባ ያለው የሰው ኃይል ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ቀኖቹን፣ ለምን እንደለቀቀች፣ እና «እርስዎ ቢሆኑ መልሰው ይቀጥሯት ነበር?» የመጀመሪያውን ከደብዳቤው አንብቡለት። ለምን እንደለቀቀች መልቀቂያዋ ላይ የተጻፈውን ብቻ ተናገሩ። ሦስተኛውን ከመደወሉ በፊት አስቡበት፤ መንገድ ላይ ባጃጅ ውስጥ ሆናችሁ ሲደወል «እ... አዎ መሰለኝ» ካላችሁ የጻፋችሁትን ሁሉ ያጠፋዋል። የማትመች ቦታ ላይ ከሆናችሁ «ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልሼ ልደውልልዎ?» በሉት። ቁጥሩንም ስሙንም ተቀበሉ፤ የሚደውለው በእርግጥ ከዚያ ሆቴል መሆኑን በሆቴሉ መደበኛ ስልክ መልሳችሁ ደውላችሁ ታረጋግጣላችሁ።